ከጣራው መሃል የቆመው አንድ ዘንግ

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ ለሕንፃ ባለቤቶች፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞችና ለወጣት መሐንዲሶች ስለ ሕንፃ መብረቅ መከላከያ ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። የንግግሩን ለዛ ብዙም አልነካሁትም። ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ስሌት ግን አስተካክዬ አስገብቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በድሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሙቀቱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በዚህች የኮንክሪት ቁራጭ ልጀምር። ከኋላ ላላችሁ እንድትታይ ከፍ አደርጋታለሁ። መዳፍ ታክላለች። በአንድ በኩል ክሬም ቀለም አላት፤ የፓራፔት፣ የጣራው ዳር ግንብ ቀለም ነው። ገልበጥ ስታደርጓት ደግሞ የጠቆረ ቦይ ታያላችሁ። ፌሮ ተኝቶበት የነበረ ቦታ ነው። ቁራጯ የወደቀችው እዚሁ ከተማ ካለ አንድ ሆቴል ጣራ ጥግ ነው። ያገኛት ጥበቃው ነው፣ ማለዳ መኪና ማቆሚያው ላይ።

በዚያው ሌሊት ጣራው ላይ ካሉት የኤሲ አውትዶሮች የሦስቱ ቦርድ ተቃጠለ። የሊፍቱም ቦርድ አብሮ ሄደ። ባለቤቱ በጠዋት ደወለልኝ። "አቦ፣ መብረቅ መከላከያ አለን እኮ! ሄደህ እየው፣ ቆሟል" አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ቆሟል። ጣራው መሃል ላይ ካለው የሊፍት ክፍል አናት የሚያብረቀርቅ 2 ሜትር የመዳብ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ጭረት አልነካውም። መብረቁ ዘንጉን ትቶ ጥጉን ነው የመታው።

ዛሬ ይህንኑ ሕንፃ ይዘን እንዘልቃለን። ስሙን አልጠራም፤ ልኩንም ለስሌት እንዲመች ትንሽ አለዝቤዋለሁ። ጂ ፕላስ 11 ነው። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ጣራው 40 ሜትር። የሊፍት ክፍሉ ከጣራው በላይ 4 ሜትር ይወጣል። በምሥራቅ በኩል 10 በ10 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ አውትዶሮቹ ተደርድረዋል፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70 ነው። በምዕራብ በኩል በብረት ማማ ላይ የቆሙ ሮቶዎች አሉ።

መጀመሪያ የምንጠይቀው ዘንጉ የት ይቁም ብለን አይደለም። ይህ ሕንፃ ምን ያህል ጥበቃ ይፈልጋል ብለን ነው። መልሱ አይ.ኢ.ሲ 62305 በሚባለው ዓለም አቀፍ የመብረቅ ጥበቃ መስፈርት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አለ። ብዙ ገጽ ነው፤ አንጀቱ ግን አንድ ማባዛት ነው። በዓመት ስንት ጊዜ ይመታል? ሲመታ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ስንት ነው? ጉዳት ቢደርስ ሰው ላይ የሚያስከትለው ጥፋት ምን ያህል ነው? ሦስቱ ይባዛሉ። ውጤቱ የሰው ሕይወትን በተመለከተ በዓመት ከመቶ ሺህ አንድ መብለጥ የለበትም።

ስንት ጊዜ ይመታል ለሚለው ሕንፃው ከምን ያህል መሬት ላይ መብረቅ "እንደሚሰበስብ" እናሰላለን። ከጣራው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሬት የሚወርድ ተዳፋት መስመር አስቡ። 1 ሜትር ሲወርድ 3 ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። መስመሩ መሬት የሚነካበት ቦታ በሕንፃው ዙሪያ ትልቅ ክልል ይሠራል። ክልሉን AD፣ የሕንፃውን ርዝመት L፣ ወርዱን W፣ ቁመቱን H ብንል ስሌቱ ይህ ነው፦

```
AD = L×W + 2×(3H)×(L+W) + π×(3H)²
AD = 600 + 12,000 + 45,239 = 57,839 m²
```

ልብ በሉ። ሕንፃው የቆመው 600 ካሬ ላይ ነው። መብረቅ የሚሰበስበው ግን ወደ 58,000 ካሬ ሜትር ከሚጠጋ ቦታ ነው። 8 የኳስ ሜዳ ማለት ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ከቁመት በቀር ምንም የለም። ለመብረቅ ዋናው ስፋታችሁ ሳይሆን ከፍታችሁ ነው።

ቀጥሎ አካባቢው በዓመት በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት መብረቅ ይወርድበታል? የሳተላይት ወይም የመሬት ላይ መለኪያ መረጃ ካላችሁ እሱን ያዙ። ከሌለ የነጎድጓድ ቀናትን ቁጥር ለ10 ታካፍላላችሁ። ለዛሬው ልምምድ 50 የነጎድጓድ ቀን ብለን እንነሳ፤ 5 ይሆናል። ሸካራ ግምት መሆኑን ግን እወቁ። የነጎድጓድ ቀን ማለት ጣቢያው ላይ ያለው ሰው ድምፅ የሰማበት ቀን ነው። እዚህ አገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ደንገጎ በኩል ሲያጉረመርም እኛ ጋ ጠብታ የለም። ደቻቱ ራሱ ከተማዋ ሳይዘንብባት ነው የሚሞላው። የተሰማው ሁሉ እኛ ጋ አልወረደም። አንድ ቀን ነጎድጓድ ተሰማ ማለትም አንድ ብልጭታ ይሁን ሁለት መቶ አይነግረንም።

ሌላው የአካባቢ ቁጥር ነው። በዙሪያችሁ ከእናንተ የሚበልጥ ነገር ካለ 0.25 ትይዛላችሁ። እኩል ወይም አነስ ያለ ከሆነ 0.5፣ ብቻውን የቆመ ከሆነ 1፣ ኮረብታ አናት ላይ ብቻውን ከሆነ 2። ይኸው ሕንፃ ደንገጎ አናት ላይ ቢሆን 2 እንይዝ ነበር። የሆቴሉ አማካሪ በ0.5 ነበር የሠራው። "ዙሪያውን ቤት አለ" ብሎ። አዎ አለ፤ ግን ጂ ፕላስ 1 ነው። 7 ሜትር ቤት 40 ሜትር ሕንፃን አይጋርድም። እኔ 1 ነው የያዝኩት። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ስንጨርስ ሻይ ላይ እንገናኝ።

5 በ0.0578 ካሬ ኪሎ ሜትር ስናባዛ 0.289 ይመጣል። ይህ ሆቴል በአማካይ በ3 ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ ይመታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ እትም ደግሞ አንድ ብልጭታ ከአንድ በላይ ቦታ ሊመታ እንደሚችል ስለሚቆጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ዛሬ የምሠራው ብዙዎቻችሁ በለመዳችሁት በ2010ሩ እትም ነው።

አሁን ጥፋቱ። ለሆቴል መነሻው 0.1 ነው። የሚያድር ሰው ስላለ ሰው ለሌለበት ሰዓት ብለን አንቀንስም። ከ100 በላይ ሰው ስለሚይዝና ግርግር ስለሚፈጠር በ5 ይባዛል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርና በእጅ የሚነካ ደወል ስላለ በ0.5 ይባዛል። የእሳት አደጋው "መካከለኛ" ነው ብንል ደግሞ በ0.01። ሁሉም ሲባዛ 0.0025 ይመጣል። ከሦስቱ ማባዛት የሚመጣውን አደጋ RB እንበለው፦

```
RB = 0.289 × 1 × 0.0025 ≈ 0.00072
```

መሃል ላይ ያለው 1 ጥበቃ የለም ማለት ነው። ከሚፈቀደው 72 እጥፍ አለፍን። ጥበቃ ስንጨምር ያ 1 ይቀንሳል። መስፈርቱ ጥበቃውን በአራት ክላስ ይከፍለዋል። ክላስ 4 ከሆነ 0.2፣ ክላስ 3 0.1፣ ክላስ 2 0.05፣ ክላስ 1 0.02። አሁን ጉዱን እዩ። ምርጡን፣ ክላስ 1ን ብናስገባ እንኳ 0.0000145 ነው የሚመጣው። አሁንም አለፈ!

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈተነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ደንበኛው ይጠብቃል። ያኔ አንድ ሰው የእሳት አደጋውን ሳጥን ይከፍትና "መካከለኛ" የሚለውን "ዝቅተኛ" ያደርገዋል። 0.01 የነበረው 0.001 ይሆናል። ውጤቱ ባንዴ በ10 ይወርዳል። ክላስ 1 ያልበቃው ሕንፃ በክላስ 3 ሹልክ ብሎ ያልፋል። የዚህ ሆቴል የስሌት ወረቀት ላይ የተጻፈው በትክክል ይኸው ነው፦ "የኮንክሪት ሕንፃ ስለሆነ ዝቅተኛ።"

ኮንክሪት አይነድም፤ ልክ ነው። መስፈርቱ የሚጠይቀው ግን ግድግዳው ይነዳል ወይ ብሎ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ የሚነድ ዕቃ ምን ያህል አለ ነው የሚለው። ከ400 ሜጋ ጁል በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው፣ ከ400 እስከ 800 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ፍራሹን፣ መጋረጃውን፣ ምንጣፉን፣ የእንጨት ቁም ሣጥኑን፣ የኤምዲኤፍ አልጋውን ቁጠሩ። አንድ ክፍል ገብታችሁ ለመቁጠር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሌላ ሰው የሠራው ስሌት ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ሳጥን ይሁን። "ዝቅተኛ" የሚል ካገኛችሁ ማን ቆጠረው በሉ።

(እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት የሕንፃ ባለቤት እጃቸውን አነሱ። "አንተ ልጅ፣ ምርጡም ካልበቃ ሕንፃውን ላፍርሰው?" አሉኝ። ቤቱ ሳቀ።)

አይፈርስም። በሐቅ የሚያልፉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በእጅ የሚነካውን ደወል ራሱ በሚሠራ የእሳት ደወል መቀየር ነው። 0.5 የነበረው 0.2 ይሆንና በክላስ 1 ያልፋል። ነገር ግን ሁኔታ አለው። የእሳት አደጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ደወሉ ራሱም ከመብረቅ ሰርጅ፣ ማለትም መብረቅ በሽቦ ከሚልከው ድንገተኛ የቮልቴጅ ንረት፣ የተጠበቀ መሆን አለበት። በገበያ ቀን በመጋላ በኩል በ10 ደቂቃ መኪና ይደርሳል ብሎ የሚፈርም ካለ ይፈርም። እኔ አልፈርምም።

ሁለተኛውን እወደዋለሁ። የሕንፃው ፌሮ ከላይ እስከ መሠረት የተያያዘ ከሆነ እሱ ራሱ ጅረቱን ወደ መሬት ያወርዳል። ክላስ 1 የጣራ ዘንጎች ከተያያዘ ፌሮ ጋር ሲሆኑ 0.02 የነበረው 0.01 ይሆናል። 0.289 በ0.01 በ0.0025 ስናባዛ 0.0000072 ይመጣል። አለፈ። ግን በዓይን አይታወቅም፣ ይለካል። ከጣራው አንድ ዓምድ ላይ ፌሮውን ፈልፍላችሁ ታወጣላችሁ፣ ከታችም እንዲሁ። 10 አምፔር አካባቢ በሚሰጥ መለኪያ ከላይ እስከ ታች ትለካላችሁ። ከ0.2 ኦም በታች መሆን አለበት። ተራ መልቲሜትር ለዚህ አይሆንም፤ የራሱ ገመድ ብቻ ከዚያ በላይ ይመጣል። ሆቴሉ ላይ አራት ዓምድ ለካን፤ አራቱም አለፉ። ፌሮውን ያሰሩት ልጆች ማንም ሳያያቸው ጥሩ ሠርተው ነበር።

አንድ ነገር በችኮላ ልጥቀስ። እስካሁን የቆጠርነው ጣራው ሲመታ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ መስመሩ የሚገባም አለ። መግቢያው ላይ ሰርጅ መከላከያ ከሌለ እሱ ብቻውን ከሚፈቀደው በላይ ሊወስዳችሁ ይችላል። የጣራው ሥራ ያለ ዋናው ቦርድ ሥራ ግማሽ ነው።

እንግዲህ ክላስ 1 ያስፈልገናል። ጣራው ላይ እንውጣ።

መብረቅ ከዳመና ሲወርድ መጨረሻው ላይ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው መሬት ሲቀርብ ነው። የቀረችው ዝላይ ርዝመት እንደ ጉልበቱ ይለያያል። ትልቅ ጅረት የያዘው ከሩቅ ይዘላል፤ ትንሹ ቅርብ እስኪደርስ ይመጣል። ሰው የሚፈራው ትልቁን ነው። በዘንጎች መሃል ሾልኮ የሚገባው ግን ትንሹ ነው። ስለዚህ ዝላዩን የሚያክል ኳስ እናስብና በሕንፃው ላይ እናንከባልላታለን። ኳሷ የነካችው ሁሉ ሊመታ ይችላል፤ ያልነካችው ተጠብቋል። በክላስ 1 የኳሷ ግማሽ ዲያሜትር 20 ሜትር ነው፣ በክላስ 2 30፣ በክላስ 3 45፣ በክላስ 4 60። 20 ሜትሯ ከ3 ኪሎ አምፔር ጀምሮ ያለውን ትይዛለች። ከዚያ ያነሰ ከመጣ ሊያልፍ ይችላል፤ ጥቂት ነው፣ ግን አለ።

አሁን ያንን አንድ ዘንግ እንፈትነው። የሊፍት ክፍሉ 4 ሜትር፣ ዘንጉ 2 ሜትር። ጫፉ ከጣራው 6 ሜትር ላይ ነው። ኳሷን ጣራው ላይ አስቀምጠን ዘንጉን እስክትነካ እንገፋታለን። ዘንጉ በጣራው ወለል ላይ የሚጠብቀው እስከ 14 ሜትር ከ30 ያህል ነው። ግን እኛ የምንጠብቀው ወለሉን አይደለም። 1 ሜትር ከፍ ያለውን ፓራፔት ከሆነ 8 ሜትር ብቻ ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነውን አውትዶር ከሆነ 6 ሜትር ከ20። የጣራው ጥግ ከመሃል ምን ያህል ይርቃል? 18 ሜትር። በጣም ልቅ የሆነውን፣ የክላስ 4ን ኳስ ብንወስድ እንኳ ፓራፔቱ የሚጠበቀው እስከ 15 ሜትር ነው። ስለዚህ ያች ዘንግ በየትኛውም ክላስ ጥጎቹን አልጠበቀችም። የያዝኳት ቁራጭ የመጣችው ከዚያ ነው።

ጥግና ጠርዝ መጀመሪያ ይመታሉ። ስለዚህ ሥራው ከዳር ወደ መሃል ነው። በፓራፔቱ አናት ላይ ዙሪያውን 8 ሚሊ ሜትር ክብ ሽቦ ይሄዳል። ጥጎቹ ላይ አጫጭር ዘንግ ይቆማል። የሊፍት ክፍሉም የራሱ ዙሪያ ይሠራለታል። ጣራው ወለል ላይ ለክላስ 1 መረቡ 5 በ5 ሜትር ነው። ፓራፔታችሁ የብረት ክዳን ካለውና ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሞላ፣ ቁርጥራጮቹም በደንብ ከተያያዙ፣ ክዳኑ ራሱ ያገለግላል። ሌላ ሽቦ አትጨምሩ። ቁመቱ ከ60 ሜትር በታች ስለሆነ ስለ ጎን ግድግዳው አንጨነቅም። ከ60 ካለፈ የላይኛውን አንድ አምስተኛ ጎኑንም ትጠብቃላችሁ።

አሁን አውትዶሮቹ። ራሳቸው ላይ ዘንግ አንሰካም። በአራቱ ማዕዘን አራት ዘንግ እናቆምና ኳሷ በዘንጎቹ ላይ እንድታርፍ እናደርጋለን። በአራት ዘንግ ላይ ያረፈች ኳስ ግን በመሃላቸው ትንሽ ትሰምጣለች። ስምጠቱን p፣ የኳሷን ግማሽ ዲያሜትር r ብንል የምትሰምጠው ይህን ያህል ነው፦

```
p = r − √(r² − (d/2)²)
```

እዚህ `d` ምንድነው? የብዙ ሰው ስህተት እዚች ጋ ነው። ዘንጎቹ በ10 ሜትር ስለተራራቁ 10 ይዞ ይሠራል። 64 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አውትዶሩ 1.70፣ በላዩ 64፣ 2 ሜትር ከ34። "2 ሜትር ተኩል ዘንግ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።" ግን ኳሷ በብዛት የምትሰምጠው በሁለት ጎረቤት ዘንጎች መሃል አይደለም። በአራቱ መሃል ነው። ስለዚህ የሚያዘው ሰያፉ ነው፣ 14 ሜትር ከ14። እሱን ስታስገቡ ስምጠቱ 1 ሜትር ከ29 ይሆናል። በ2 ሜትር ተኩል ዘንግ የኳሷ ሆድ ከወለሉ 1 ሜትር ከ21 ላይ ይደርሳል። አውትዶሩ ደግሞ 1.70 ነው። ኳሷ ግማሽ ሜትር ውስጡ ገብታለች! መሃል ላይ ያለው አውትዶር አራት ዘንግ ከቦት ሳለ ያለ ጥበቃ ነው የቆመው። ትክክሉ 1.70 እና 1.29 ድምር ነው፣ 3 ሜትር ገደማ። እኛ 3 ሜትር ከ30 አቆምን። ነፋስ ስላለ በኮንክሪት እግር ተያዘ።

አንዲት ወጣት መሐንዲስ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ነገ ባለቤቱ ከፍ ያለ ሌላ ሞዴል ቢያስገባስ?" አለች። ያኔ ስሌቱ ይፈርሳል። የጣራ ጥበቃ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመብረቅ ሳይሆን በአዲስ ዕቃ ነው። ኤሲ ይቀየራል፣ ዲሽ ይተከላል፣ ሶላር ይጨመራል፤ መብረቅ የሚሠራውን ሰው ማንም አይጠራውም። እኛ በሆቴሉ ጣራ በር ጀርባ ላይ በቀለም ጻፍን፦ "በዘንጎቹ መሃል ከ1.70 በላይ ዕቃ አይቆምም።"

ቀጥሎ ዘንጉ ከአውትዶሩ ምን ያህል ይራቅ? ቅርብ ከሆነ ዘንጉን የመታው መብረቅ በአየር ዘሎ አውትዶሩ ውስጥ ይገባል። ርቀቱም ይሰላል፦

```
s = ki × kc × l / km
```

ለክላስ 1 `ki` 0.08 ነው። `kc` ጅረቱ በስንት መንገድ እንደሚካፈል ይናገራል፤ አንድ መንገድ ብቻ ካለ 1 ነው። `l` ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ሁሉም ብረት አንድ ላይ እስከሚታሰርበት ቦታ ያለው የሽቦ ርዝመት ነው። `km` ለአየር 1፣ ለግንብ 0.5።

የድሮውን እንለካ። ከዘንጉ አንድ የመዳብ ሪባን ብቻ ነው የሚወርደው፤ የሚታሰረውም መሬት ላይ ነው። 40 ሜትር ብንል 0.08 በ1 በ40፣ 3 ሜትር ከ20 ይሆናል። ሪባኑ ጣራው ላይ ከአውትዶሮቹ ገመድ ማለፊያ አጠገብ ነበር የሚያልፈው። በሜትር ለካሁት። 30 ሴንቲ። ማለትም መብረቁ እሺ ብሎ ዘንጉን ቢመታም ኖሮ ወደ ገመዶቹ ይዘል ነበር። በግንብ ውስጥ ቢሆን ደግሞ የሚያስፈልገው እጥፍ ነው፣ 6 ሜትር ከ40። እንዲህ ያለ ቦታ ጣራው ላይ የለም።

ጣራው ላይ ዘንጎቹን ከፌሮው ጋር ስናስር ግን `l` ያጥራል። ከዘንጉ እስከ ማሰሪያው 5 ሜትር ገደማ ብቻ ቀረ። 0.08 በ5፣ 40 ሴንቲ ሜትር። እኛ ግማሽ ሜትር አራቅናቸው። የፌሮው ጥቅም እዚህም መጣ።

እዚህ ጋ ኤሌክትሪሽያኖች ወንድሞቼ ይቆጡኛል። "ሁሉንም ብረት እሰር" ተብለን ነው ያደግነው። አውትዶሩንም ከዘንጉ ጋር በሽቦ እናስራለን፤ ሥራው ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ያንን ሽቦ ስታስሩ መብረቁ በአውትዶሩ የኤሌክትሪክ ገመድና በጋዝ መዳቡ በኩል ወደ እንግዳው ክፍል የሚገባበትን በር ከፈታችሁለት። ርቀቱ ከተገኘ ከዘንጉ ጋር አታስሩት። የራሱ የኧርዝ ገመድ ይበቃዋል። ርቀቱ ከጠፋ፣ ለምሳሌ ጣራው ጠባብ ከሆነ፣ ያኔ ማሰር ግድ ነው። ግን ገመዱ ወደ ሕንፃው ሲገባ የመብረቅ ጅረት የሚችል ታይፕ 1 ሰርጅ መከላከያ መቀመጥ አለበት። ከፊል ሥራ የለም። ወይ አራርቁ፣ ወይ አስራችሁ ጅረቱን በር ላይ ተቀበሉት።

ሰው ብዙ ስለጠየቀ ሁለት ነገር ላክል። ገበያ ላይ ጭንቅላቱ ኳስ የመሰለ፣ "አንዱ 100 ሜትር ይጠብቃል" የሚባል ዘንግ አለ። በፈረንሳይ የራሱ መስፈርት አለው። አይ.ኢ.ሲ 62305 ግን የሚቆጥርላችሁ የዘንጉን ትክክለኛ የብረት ቁመት ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት ሠርቻለሁ ብላችሁ ከፈረማችሁ ባለ 2 ሜትሩ ዘንግ 2 ሜትር ነው።

የኧርዙን ነገር በተመለከተ መሬታችን አሸዋማና ደረቅ ነው። አንድ ዘንግ ቀብሮ ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው። በክረምት ስትለኩት ጥሩ ይላል። ጨው ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ እስከዚያውም ብረቱን ይበላዋል። ለአዲስ ሕንፃ የመሠረቱን ፌሮ ተጠቀሙ። ልኬቱንም በጥር ወይም በግንቦት መጨረሻ መሬቱ ሲደርቅ ድገሙት።

በመጨረሻ ከኋላ አንድ ልጅ ተነሳ። "ሮቶው ፕላስቲክ ነው። እሱን መብረቅ ምን ያደርገዋል?" አለ። ሳቅ ሆነ፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። የሆቴሉን ሮቶ አብረን እንየው። ማማው ብረት ነው። ውስጡ ውሃ አለ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ገመድ ይወጣል፤ የፍሎተሩ ገመድ ነው። 12 ፎቅ ወርዶ ምድር ቤት የፓምፑ ቦርድ ውስጥ ይገባል። ኳሷን ስናንከባልል ክዳኑን ነካችው። ስለዚህ በሮቶዎቹ አጠገብም ሁለት ዘንግ አቆምን። የፍሎተሩን ገመድ ከውጭ ግድግዳ አንስተን በብረት ቧንቧ ውስጥ በመሃል ሻፍት አወረድነው፤ ፓምፑ ቦርድ ላይም ትንሽ ሰርጅ መከላከያ ገባ። ከተቃጠሉት ቦርዶች መካከል የፓምፑ ለምን እንዳልነበረ ግን እስካሁን ይገርመኛል። ያን ሌሊት ፍሎተሩ ተበላሽቶ ተነቅሎ ነበር መሰለኝ።